በሁለት ቫልቮች መካከል የተዘጋ ውሃ በፀሐይ ሲሞቅ ግፊቱ ስንት ይደርሳል? የስሌት መመሪያ

የውሃ ግፊት ፍተሻ ተደርጎበት ውሃው ሳይወርድ፣ የሁለቱም ጫፍ ቫልቮች ተዘግተው የቀረ የብረት ቱቦ፣ ጠዋት ጌጁ ዜሮ እያሳየ ቀትር ላይ በፍላንጁ በኩል ውሃ ሲያንጠባጥብ ይገኛል። ፓምፕ የነካ ሰው ባይኖርም ግፊቱን ያመጣችው ፀሐይ ናት። ፈሳሽ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሚሰፋበት ቦታ ካጣ ደግሞ ራሱን በራሱ ለማመቅ ይገደዳል። ውሃ በቀላሉ የማይታመቅ በመሆኑ የጥቂት ዲግሪዎች ሙቀት ብዙ ባር ግፊት ይፈጥራል። ይህ መመሪያ ያንን ግፊት በሁለት የፈሳሹ ባሕርያት፣ ማለትም በሙቀት መስፋፋት ኮፊሸንት እና በቋሚ የሙቀት መጠን በሚለካ የመታመቅ ኮፊሸንት፣ እንዴት መገመት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ ያሳያል።

ምሳሌው ይህ ነው። ቱቦው ባለ 6 ኢንች ስኬጁል 40 የካርቦን ብረት ቱቦ ሲሆን የውጭ ዲያሜትሩ 168.3 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 7.11 ሚሊሜትር፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 154.1 ሚሊሜትር ነው። በቫልቮቹ መካከል ያለው ርዝመት 12 ሜትር ነው። ፍላንጆቹና ቫልቮቹ ክላስ 150 ናቸው። ውሃው ሲዘጋ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ይደርሳል ብለን እናስባለን። ጠዋቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ደግሞ ፀሐያማ በሆነ ደጋ አካባቢ ሜዳ ላይ የተዘረጋና ያልተሸፈነ ቱቦ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢያይ የሚያስገርም አይደለም።

ደረጃ 1፦ የተዘጋውን ይዘት ማስላት

የቱቦው የውስጥ ስፋት በ12 ሜትር ሲባዛ 224 ሊትር ገደማ ይሰጣል። ቱቦው ፍጹም በውሃ ከተሞላ የመጨረሻው ግፊት በርዝመቱ ላይ አይመሠረትም፤ 12 ሜትርም ሆነ 1,200 ሜትር ቢሆን መልሱ አንድ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰፋው ውሃና የሚታመቀው ውሃ እኩል ይበዛሉ። ይዘቱን አስቀድመን የምናሰላው ስሌቱን በሚሊሊትር ለመሥራት እንዲመች እና በኋላ አየር ሲገባበት የግድ ስለሚያስፈልገን ነው።

ደረጃ 2፦ ውሃው ነጻ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሰፋ ነበር?

የሙቀት መስፋፋት ኮፊሸንት፣ በተለምዶ α ተብሎ የሚጻፈው፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የሙቀት መጠኑ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ይዘት በምን ያህል ድርሻ እንደሚያድግ ይናገራል። ብዙ ስሌቶች የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ የውሃ α ቋሚ ቁጥር አይደለምና። በ15 ዲግሪ 0.000151፣ በ20 ዲግሪ 0.000207፣ በ25 ዲግሪ 0.000257፣ በ35 ዲግሪ 0.000346 ነው። ከመጽሐፍ ጀርባ ባለው ሠንጠረዥ የሚገኘው የ20 ዲግሪ ቁጥር ነው፤ እሱን ወስዶ በ20 ዲግሪ ለውጥ ያባዛ ሰው በአንድ ሊትር 4.1 ሚሊሊትር መስፋፋት ያገኛል፤ እውነተኛው መስፋፋት ግን 5.1 ሚሊሊትር ነው። ከመነሻው ሙቀት፣ ከ15 ዲግሪ፣ ቁጥር የተነሣ ደግሞ 3.0 ሚሊሊትር ብቻ ያገኝና ግፊቱን በብዙ አሳንሶ ይገምታል።

ስለዚህ ለውሃ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ α ን ትቶ የእፍጋት ሠንጠረዥን መጠቀም ነው። የውሃ እፍጋት በ15 ዲግሪ 999.10፣ በ35 ዲግሪ 994.03 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 1.0051 ይመጣል፤ ይህም ማለት ውሃው ነጻ ቢሆን ኖሮ በ0.0051 ያህል ይሰፋ ነበር። በ224 ሊትር ላይ ሲሰላ 1,142 ሚሊሊትር ይሆናል። የእፍጋት ሠንጠረዥ ለማይገኝለት ፈሳሽ ደግሞ በመነሻውና በመድረሻው መካከል ባለው ሙቀት የተለካውን α መውሰድ ይበቃል፤ በምሳሌያችን የ25 ዲግሪው ቁጥር 0.00514 ይሰጥ ነበር፤ ከሠንጠረዡ መልስ እምብዛም አይርቅም።

ውሃ ከ4 ዲግሪ በታች ሲሞቅ የሚሰፋ ሳይሆን የሚጠብብ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በዚያ ክልል α አሉታዊ ስለሆነ ግፊቱ ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

ደረጃ 3፦ ያንን ትርፍ ለማመቅ ስንት ባር ያስፈልጋል?

የመታመቅ ኮፊሸንት፣ κ፣ የሙቀት መጠኑ ሳይለወጥ ግፊት በአንድ ባር ሲጨምር ይዘት በምን ያህል ድርሻ እንደሚያንስ ይገልጻል። ለውሃ በ15 ዲግሪ 0.0000467፣ በ35 ዲግሪ 0.0000444 በባር ነው፤ በመካከላቸው ያለውን የ25 ዲግሪ ቁጥር፣ 0.0000453፣ ብንወስድ በቂ ነው። κ እንደ α በሙቀት ብዙ አይለዋወጥም፤ በግፊትም ቢሆን እስከ 100 ባር ድረስ የሚቀንሰው በጥቂት ፐርሰንት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ መጨነቅ አያስፈልግም።

በ224 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ባር የሚያሳንሰው 10.15 ሚሊሊትር ነው። ቱቦው ፈጽሞ የማይለጠጥ ቢሆን ኖሮ 1,142 ሚሊሊትሩን ትርፍ ለማመቅ 112 ባር ገደማ ያስፈልግ ነበር። ሁለቱ ባሕርያት አንድ ላይ ሲጻፉ ግፊት በአንድ ዲግሪ የሚጨምርበት መጠን α ለ κ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ይህ ቁጥር በ20 ዲግሪ 4.5 ባር፣ በ40 ዲግሪ ግን 8.7 ባር ገደማ ነው። እንግዲህ ግፊቱ ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ መስመር አይወጣም፤ ቀኑ በሞቀ ቁጥር እያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ ከቀዳሚው የበለጠ ባር ያመጣል።

ደረጃ 4፦ የቱቦውን ድርሻ መቀነስ

ብረቱም ይሞቃል፤ ብረቱም ይለጠጣል። ሁለቱም ለውሃው ቦታ ስለሚለቁ ግፊቱን ይቀንሳሉ።

የብረት የርዝመት መስፋፋት ኮፊሸንት፣ a፣ 0.000012 በዲግሪ ነው። ይዘት በሦስት አቅጣጫ ስለሚያድግ የቱቦው ውስጥ በ3a ይሰፋል፤ በ20 ዲግሪ ለውጥ 0.00072፣ ማለትም በ224 ሊትር ላይ 161 ሚሊሊትር። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት አለ፤ ብረቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ይጠብባል ብሎ ማሰብ ነው። ቀዳዳው ልክ በውስጡ ብረት እንዳለ ሆኖ ከግድግዳው ጋር አብሮ ያድጋል።

የግድግዳው መለጠጥ ደግሞ ለቀጭን ግድግዳ ቱቦ፣ ጫፎቹ ተዘግተው በርዝመቱ ለመንቀሳቀስ ነጻ ሲሆን፣ በሚከተለው ቀመር ይገመታል። D የውስጥ ዲያሜትር፣ t ውፍረት፣ E የብረቱ ያንግ ሞዱለስ፣ ν ደግሞ የፖይሰን ሬሾ ነው።

```
β = (D / (t·E)) · (1.25 − ν)
```

የእኛ D ለ t ሲካፈል 21.7 ነው። E 207 ጊጋፓስካል፣ ማለትም 2,070,000 ባር፤ ν ደግሞ 0.3 ነው። ከዚህ β 0.0000100 በባር ይመጣል፤ በ224 ሊትር ላይ አንድ ባር ቱቦውን በ2.2 ሚሊሊትር ያሰፋዋል ማለት ነው። ቱቦው በሁለቱም ጫፍ በኮንክሪት ተይዞ በርዝመቱ መንቀሳቀስ የማይችል ከሆነ 0.95 የነበረው ማባዣ ወደ 0.91 ይወርዳል፤ 3a ደግሞ ወደ 2.6a ይወርዳል። በመልሱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ለግምት ሥራ ሊተው ይችላል።

አሁን ሁሉም ይገናኛል፦

```
ΔP = (α − 3a)·ΔT / (κ + β)
```

በሚሊሊትር ስንሠራው የውሃው ትርፍ 1,142 ሲሆን ቱቦው በመሞቁ ከለቀቀው 161 ተቀንሶ 981 ሚሊሊትር ይቀራል። አንድ ባር በውሃው መታመቅና በቱቦው መለጠጥ በድምሩ 12.4 ሚሊሊትር ቦታ ይፈጥራል። 981 ለ12.4 ሲካፈል 79 ባር ይሆናል። የቱቦው ድርሻ ከ112 ወደ 79 አውርዶታል፤ ትንሽ የማይባል ለውጥ ነው፤ ግን አያድንም።

ደረጃ 5፦ መልሱን ከቱቦው አቅም ጋር ማስተያየት

79 ባር ስኬጁል 40 ቱቦውን አይፈነዳውም። በግድግዳው ላይ የሚፈጥረው የዙሪያ ጭንቀት 90 ሜጋፓስካል ገደማ ሲሆን የተለመደው የካርቦን ብረት ቱቦ ቅርጹን መልሶ የማያገኝበት ጭንቀት 240 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው። የሚሰበረው ሌላ ቦታ ነው። የካርቦን ብረት ክላስ 150 ፍላንጅ በተራ ሙቀት የተፈቀደለት የሥራ ግፊት 19.6 ባር ነው። ጋስኬቱ፣ የቫልቩ መቀመጫና የጌጁ ውስጣዊ ቱቦ ከዚያ በላይ ሲሄድ ይጎዳሉ።

ስለዚህ ተግባራዊው ጥያቄ «79 ባር ይደርሳል ወይ?» ሳይሆን «19.6 ባር የሚደርሰው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ስሌቱን ወደ ኋላ መሥራት ይቻላል። 19.6 ባር በ12.4 ሲባዛ 243 ሚሊሊትር ትርፍ ይፈልጋል፤ ውሃው ከ15 ወደ 22 ዲግሪ ሲሞቅ የቱቦው ድርሻ ተቀንሶ ይህንን ያህል ትርፍ ይሰጣል። ሰባት ዲግሪ ብቻ ነው።

ጊዜውንም መገመት ይቻላል። የ224 ኪሎ ውሃና የ340 ኪሎ ገደማ ብረት የሙቀት አቅም ተደምሮ 1.1 ሜጋጁል በዲግሪ ያህል ነው። ለፀሐይ የተጋለጠው የቱቦው ገጽታ 2 ሜትር ካሬ ገደማ ስለሆነ ጠንካራ ፀሐይ በሜትር ካሬ 1,000 ዋት ብትሰጥና ሁሉም ቢዋጥ አንድ ዲግሪ ለመሞቅ 9 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሰባት ዲግሪ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ። በእውነተኛ ሁኔታ ነፋስና የቱቦው ቀለም ይህን ያራዝሙታል፤ ቢሆንም ሠራተኞች ምሳ በልተው እስኪመለሱ ድረስ የፍላንጁ ገደብ ሊታለፍ ይችላል።

ደረጃ 6፦ አየር መኖሩን ማጣራት

እስካሁን የሠራነው ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ የለችም ብለን ነው። በእውነተኛ ቱቦ ውስጥ ከፍ ያሉ ቦታዎችና የቫልቭ አንገቶች አየር ይይዛሉ፤ አየር ደግሞ ከውሃ ይልቅ በቀላሉ ስለሚታመቅ መልሱን ይገለብጠዋል። በተመሳሳይ ቱቦ፣ ሲዘጋ በአንድ ባር ፍጹም ግፊት ላይ የነበረ 2 ሊትር አየር ካለ የግፊቱ ጭማሪ 1 ባር ገደማ ብቻ ነው። 1 ሊትር ካለ 8 ባር ይሆናል። ግማሽ ሊትር ካለ ደግሞ 40 ባር ገደማ ይሆናል። የውሃው ትርፍ 981 ሚሊሊትር መሆኑን ካስታወስን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከትርፉ የሚበልጥ አየር ትራስ ይሆናል፤ ከትርፉ የሚያንስ አየር ግን ተጨምቆ ያልቅና ቀሪውን ውሃው ይሸከመዋል።

ይህን አይቶ ትንሽ አየር ሆን ብሎ መተው ጥሩ መከላከያ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ግፊት ሲጨምር አየር በውሃ ውስጥ እየሟሟ ይሄዳል፤ ትናንት ትራስ የሆነው አየር ቀስ በቀስ ጠፍቶ ነገ ቱቦው ሙሉ በሙሉ በውሃ የታጨቀ ሊሆን ይችላል።

አየር መኖር አለመኖሩን ከጌጁ ማወቅ ይቻላል። ቴርሞሜትር በቱቦው ግድግዳ ላይ አስጠግቶ በኢንሱሌሽን ሸፍኖ፣ ውሃውና ብረቱ በሙቀት እስኪስተካከሉ ጠብቆ ግፊቱንና ሙቀቱን በየዲግሪው መመዝገብ ነው። በምሳሌያችን ቱቦ ውስጥ አየር ከሌለ ግፊቱ በ15 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ዲግሪ 2 ባር፣ በ35 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ 5.7 ባር ገደማ መጨመር አለበት። የተገኘው ከዚህ በጣም ያነሰ ከሆነ ወይ አየር አለ ወይ ቫልቩ እያሾለከ ነው። ሁለቱን የሚለየው ቱቦው በሌሊት ሲቀዘቅዝ የሚታየው ነገር ነው። አየር ብቻ ካለ ግፊቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ውሃ ካሾለከ ግን ቱቦው ወደ መነሻው ሙቀት ከመድረሱ በፊት ጌጁ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያም በታች ቫኪዩም ይፈጠራል። ሌላው ምልክት የማፍሰሻ ቫልቭ ነው፤ ጥቂት ውሃ ሲወጣ ግፊቱ ወዲያው ከወደቀ ቱቦው በፈሳሽ የታጨቀ ነው፤ ውሃው እየፈሰሰ ግፊቱ ቀስ እያለ ከወረደ ግን አየር አለ። በዚህ ጊዜ የማፍሰሻውን አፍ ከሰው አርቆ፣ ቫልቩንም በጥቂቱ መክፈት ያስፈልጋል።

ለጥንቃቄ ስሌት አየር እንደሌለ መቁጠር ይገባል።

ደረጃ 7፦ መፍትሔውን መምረጥ

ቀላሉ መፍትሔ ውሃውን አውርዶ መተው ወይም ቢያንስ አንዱን ቫልቭ ክፍት ማድረግ ነው። ቱቦው ሞልቶና ተዘግቶ መቆየት ካለበት የሙቀት ሪሊፍ ቫልቭ ይገጠማል። የሚያስፈልገው የፍሰት መጠን ብዙ ሰው ከሚያስበው እጅግ ያነሰ ነው። ወደ ቱቦው የሚገባው ሙቀት Q በዋት፣ የፈሳሹ እፍጋት ρ፣ የሙቀት አቅሙ c ከሆነ፦

```
q = α·Q / (ρ·c)
```

ለ2,000 ዋት ፀሐይ በ25 ዲግሪ ላይ ይህ በሰዓት 0.44 ሊትር ብቻ ይሰጣል። በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው ትንሹ የሪሊፍ ቫልቭ፣ መግቢያው ሦስት አራተኛ ኢንች መውጫው አንድ ኢንች የሆነው፣ ከበቂ በላይ ነው። ከመጠኑ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የሚከፈትበት ግፊትና የሚያፈስበት ቦታ ነው፤ መውጫው ሌላ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ከገባ ችግሩን ወደዚያ አዛወረው እንጂ አልፈታውም። የሪሊፍ ቫልቩን ከቱቦው የሚለይ ሌላ ቫልቭ ካለም ያ ቫልቭ ክፍት ሆኖ መቆለፍ አለበት።

ይህ ስሌት ሌላ ቦታ ሲወሰድ

ቱቦው ውስጥ ያለው ናፍጣ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። የናፍጣ α 0.00083 በዲግሪ፣ κ ደግሞ 0.00007 በባር አካባቢ ነው። በተመሳሳይ ቱቦ ውስጥ ይህ በአንድ ዲግሪ 10 ባር ገደማ ይሰጣል፤ የፍላንጁ ገደብ የሚታለፈው በሁለት ዲግሪ ነው። የናፍጣ α በክረምትና በበጋ የሚለዋወጠው በጥቂቱ ስለሆነ፣ ከውሃ በተለየ፣ ጠዋት ላይም ቢሆን አደጋው ያው ነው። በነዳጅ ማከማቻ ግቢ ውስጥ በሁለት ቫልቮች መካከል ሊዘጋ የሚችል እያንዳንዱ የቱቦ ክፍል የራሱ ሪሊፍ እንዲኖረው የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የፖሊኢቲሊን የርዝመት መስፋፋት ኮፊሸንት 0.00018 በዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 3a 0.00054 ይደርሳል፤ ይህም በ25 ዲግሪ ላይ ካለው የውሃ α ይበልጣል። ቱቦው እንደ ልቡ እንዲሰፋ ከተተወ ውሃው ሲሞቅ ቀመሩ አሉታዊ መልስ ይሰጣል፤ የውስጡ ቦታ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚያድግ ግፊቱ ይወርዳል። በተጨማሪም ግድግዳው በጣም ስለሚለጠጥ β ከ κ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ፕላስቲክ ጫና ሲቆይበት እየተጎተተ ስለሚሄድ ደግሞ የአንድ ቀን ስሌት ለሁለተኛው ቀን አይሠራም። ስለዚህ እዚህ የተጻፈው β ለብረት፣ ለመዳብና ለመሰል ብረታ ብረቶች ብቻ፣ ያውም ግድግዳው ከዲያሜትሩ ከአሥር አንድ በታች ለሆነ ቱቦ፣ የሚያገለግል ነው። ግድግዳው ከዚያ ከወፈረ የወፍራም ሲሊንደር ቀመር ያስፈልጋል፤ መልሱም β ከዜሮ ጋር እኩል ነው ብሎ ከሚሠራው፣ ማለትም ከግትሩ ቱቦ ስሌት፣ በላይ ሊሆን አይችልም።